እንቶኔ፦ የሌለን ሰው «አንተ» ስንል (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች ሥራቸውን ያሳዩኛል። ስለ እንቶኔ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ሁልጊዜ ይመሳሰላሉ። መልሶቼን እዚህ አንድ ላይ አኖርኳቸው። አንዳንዱ መልስ አጭር ነው። ስለ ዳዊት የጻፍኩት ግን ረዘም ይላል፤ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነውና።

እንቶኔ ማለት ምንድን ነው?

የሌለን ሰው፣ የሞተን ሰው ወይም ጆሮ የሌለውን ነገር ፊታችን እንዳለና እንደሚሰማን አድርጎ ማናገር ነው። በሰፈር ወሬ «እንቶኔ» የምንለው ስሙ የጠፋብንን ወይም በስሙ ልንጠራው ያልፈለግነውን ሰው ነው። በሥነ ግጥም ትምህርት ግን የዚህ ዘይቤ መጠሪያ ሆኗል።

ዋናው ነገር ንግግሩ አቅጣጫ መቀየሩ ነው። ስለ እሱ ስናወራ ቆይተን በድንገት ለእሱ ማውራት እንጀምራለን። የግሪኩ ስም አፖስትሮፌም «ዞር ማለት» ማለት ነው። በጥንት ዘመን ተናጋሪው በችሎት ፊት ቆሞ ከዳኛው ፊቱን መልሶ ሌላ ሰው ሲያናግር ነበር እንዲህ የሚባለው። የሮማው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን በአንደኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ይህንኑ ነው። ያኔ የሚናገሩት ሰው እዚያው ችሎት ውስጥ ሊሆንም ይችል ነበር። የሌለን ሰውና ግዑዝን ማናገር ዋናው ትርጉም የሆነው በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ግጥም ስታነብ መጀመሪያ መፈለግ ያለብህ ያንን መዞሪያ ነው። ስሜቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ከሰውኛ በምን ይለያል?

«ዝናቡ ተቆጣን» ብትል ሰውኛ ነው። ለዝናብ የሰው ጠባይ ሰጠኸው፣ ግን የምታወራው ለእኛ ነው። «አንተ ዝናብ፣ ምን አደረግንህ?» ስትል እንቶኔ ሆነ። የሞተ ወንድምህን ስታናግር ደግሞ ሰውኛ የሚባል ነገር የለም። ድሮም ሰው ነበር።

በአማርኛ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አለ?

አለ፤ እኔ በጣም የምወደውም ጥያቄ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ለንጉሥም፣ ለድመትም፣ ለተራራም የሚሆን አንድ ቃል አለ። በአማርኛ አፍህን ከመክፈትህ በፊት መወሰን አለብህ። አንተ? አንቺ? እናንተ? እርስዎ? ተውላጠ ስሙን ብታስቀረው እንኳ ግሡ ያጋልጥሃል። «ሄድክ»፣ «ሄድሽ»፣ «ሄዱ»።

ስለዚህ ጀበና እንኳ ብታናግር ከጀበናው ጋር ያለህን ዝምድና ሳትወድ ትናገራለህ። «አንተ ጀበና» ካልክ ዕቃ ነው፣ ምናልባትም አናዶሃል። «አንቺ ጀበና» ካልክ ትንሽ ናት፣ የቤት ናት፣ ትወዳታለህ። አንስታይ ጾታ በአማርኛ ማሳነሻም ማቆላመጫም ስለሆነ ነው። ወንድ ልጇን «አንቺ» እያለች የምታባብል እናት ሁላችንም እናውቃለን። ያው «አንቺ» ለጎልማሳ ወንድ ሲወረወር ግን ስድብ ይሆናል። አገር «አንቺ» ናት፤ ዓባይ «አንተ» ነው። አገሩን በአንድ ስንኝ «አንተ» የሚል ገጣሚ ካጋጠመህ ቆም በል። አንድ ነገር ሊነግርህ ፈልጓል።

የአክብሮቱ ነገር ደግሞ ከጾታውም ይበልጣል። ይህን ያስተማረችኝ አያቴ ናት።

አያቴ ባሏን ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትል ነው የኖረችው። በስሙ ጠርታው አታውቅም። ከሞተ በኋላ ከዘራው ከበሩ ጀርባ፣ ሁልጊዜ የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። እጀታው በእጁ ወዝ ጠቁሯል። አንድ ማለዳ ቤት ስትጠርግ መጥረጊያዋ ከዘራውን ነካውና ወደቀ። አነሳችው። ወዲያው ግን አላቆመችውም። «አንተ እዚህ ተገትረሃል፤ እሳቸውን የት ጥለሃቸው መጣህ?» አለችው።

ሁለቱን ቃላት ተመልከት። ከዘራው «አንተ» ሆነ። ባሏ ሞቶም «እሳቸው» ነው። አያቴ ተቆጥታ ነበር። ጥሏት ሄዷል። ግን «ለምን ጥለውኝ ሄዱ» ብላ እሱን መውቀስ ለእሷ ነውር ነው፤ አርባ ዓመት ያከበረችውን ሰው በሞቱ አትናገረውም። ቁጣው ግን መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ዞር አለና ከዘራው ላይ አረፈ። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ግጥም የማነብበት መንገድ ሆኗል። ማን «አንተ» እንደተባለ ብቻ አይበቃም። ማን «አንተ» ሳይባል እንደታለፈም ማየት ያስፈልጋል።

በጽሑፍ የዚህ ጥሩ ምሳሌ የት ይገኛል?

ብዙ አንባቢ ቤቱ ያለው መጽሐፍ ውስጥ። መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 1ን ክፈት። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያለቀሰው ልቅሶ ከቁጥር 19 እስከ 27 አለ።

ሁኔታውን እናስታውስ። ሳኦልና ልጁ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ላይ በጦርነት ሞተዋል። ሳኦል ንጉሥ ነው፣ በዘይት የተቀባ። ዳዊትን ግን በጦር ሊወጋው ሞክሯል፤ ለዓመታትም ሊገድለው አሳዶታል። ዮናታን ደግሞ የዳዊት የነፍስ ወዳጅ ነው። አባትና ልጅ በአንድ ቀን ሞቱ። ዳዊት ሁለቱን በአንድ ግጥም ማልቀስ አለበት። እንዴት አድርጎ?

መጀመሪያ የሚያናግረው ከሟቾቹ አንዱንም አይደለም። ወሬውን በጠላት ከተሞች፣ በጌትና በአስቀሎና፣ እንዳያወሩት ሕዝቡን ይከለክላል። ያ የንጉሥ ወግ ነው፤ ገና አገር እያሰበ ነው። ከዚያ ቁጥር 21 ላይ ይዞራል። የጊልቦዓን ተራሮች ይጠራና ዝናብም ጠልም አይውረድባችሁ ብሎ ይረግማቸዋል። ተራሮቹ ምን አጠፉ? ምንም። ሰው የሞተባቸው መሬት ናቸው። ግን የዳዊት ቁጣ የት ይሂድ? እግዚአብሔር የቀባውን ንጉሥ አይረግምም፤ በሕይወት እያለ እንኳ እጁን አላነሳበትም። አምላኩንም አይወቅስም። ተራራ ቀረለት። የአያቴ ከዘራ ማለት ይህ ነው።

ቁጥር 22 እና 23 ላይ ሁለቱን ሟቾች ያወድሳል። ከንስር የፈጠኑ፣ ከአንበሳ የበረቱ ነበሩ ይላል። ግን እዚህ «እነሱ» ናቸው። ስለ እነሱ ይናገራል እንጂ አያናግራቸውም። ቁጥር 24 ላይ እንደገና ይዞርና የእስራኤልን ሴቶች ልጆች ያናግራል፤ ለሳኦል አልቅሱለት፣ ቀይ ሐር ያለበሳችሁ እሱ ነው ይላቸዋል።

እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ። ዳዊት ለሳኦል አልቅሱ ይላል እንጂ «ሳኦል ሆይ» አይልም። የሳኦልን ልቅሶ ለሌሎች ሰጠው። አከበረው፣ አሞገሰው፣ ክፉ ቃል አልተናገረውም። «አንተ» ግን አላለውም። በመካከላቸው ያ የተወረወረ ጦር አለ።

ከዚያ ቁጥር 26 ይመጣል። «ወንድሜ ዮናታን ሆይ»። ግጥሙ በሙሉ ወደዚህ ሲመጣ ነበር። ሕዝቡን አናገረ፣ ተራራውን አናገረ፣ ሴቶቹን አናገረ፤ ከሁለቱ ሟቾች ግን በስሙ ተጠርቶ ፍቅርህ ለእኔ እንዲህ ነበር የተባለው አንዱ ብቻ ነው። ቀደም ሲል ሳኦልና ዮናታን በሕይወታቸውም በሞታቸውም አልተለያዩም ብሎ ነበር። የለያቸው የዳዊት «አንተ» ነው። ይህን ለማወቅ ስለ ዳዊት ልብ የሚያብራራ አንድም ዓረፍተ ነገር አላስፈለገንም። ሰዋስው በቂ ነበር።

ሟቹን ቀጥታ መጥራት ሁልጊዜ የበለጠ ሐዘን ያሳያል ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን መዞሪያው ሌላ ነገር ያሳያል። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 18 ላይ ዳዊት እንደገና ያለቅሳል፤ አሁን ለልጁ ለአቤሴሎም። አቤሴሎም በአባቱ ላይ ዐምጾ ጦር የመራ ልጅ ነው። በዚያ ቀን ዳዊት ከጦር ሜዳ መልእክተኛ ሲመጣ የሚጠይቀው «ብላቴናው አቤሴሎም ደኅና ነውን?» እያለ ነው። ሁለት መልእክተኛ መጣ፣ ሁለቱንም እንዲሁ ጠየቀ። ወታደሮቹንም ሲልክ ለብላቴናው ራሩለት ነበር ያላቸው። «ልጄ» አላለም። ንጉሥ ነው፤ በሠራዊቱ ፊት ዐመፀኛን ልጄ ማለት ይከብደዋል።

የሞቱን ወሬ ሲሰማ ግን በዚያች አንዲት ቁጥር ውስጥ «ልጄ» የሚለው ቃል በዕብራይስጡ 5 ጊዜ፣ «አቤሴሎም» 3 ጊዜ ይመጣል። በአንተ ፋንታ እኔ በሞትኩ ከሚለው በቀር ሌላ ምንም የለም። ተራራ የለም፣ ንስር የለም፣ ውዳሴ የለም። ለዮናታን ግጥም ገጠመ፤ ለልጁ መግጠምም አልቻለ። መጥራት ብቻ ቀረው። ቀን ሙሉ አፉ ላይ ያልወጣው ቃል የወጣው የሚሰማው ሰው ከሌለ በኋላ ነው።

በሙሾ ውስጥ ለምን ሟቹ ይወቀሳል?

«ለማን ጥለሽኝ ሄድሽ?» «ምነው ዝም አልከኝ?» «ተነስ እንጂ!» ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል። ግሦቹን እያቸው። «ሞተ» በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሟቹ ምርጫ የለውም። «ጥለሽኝ ሄድሽ» ግን ድርጊት ነው። አድራጊዋ እሷ ናት። አልቃሿ ሟቿን ስትወቅስ ለአንድ አፍታ ፈቃድ ትመልስላታለች። የሄደ ሰው ሊመለስ ይችላል፣ ዝም ያለ ሰው ሊመልስ ይችላል። ለዚህ ነው ወቀሳው ለሐዘንተኛው የሚቀልለው፤ ከ«የለችም» ይልቅ «እምቢ አለችኝ» ይሻላል።

ይህንን የምትለካበት ቀላል መንገድ አለ። ስንኙን ወደ «እሷ» ቀይረውና ምን እንደጠፋ እይ። ለማሳየት ብዬ እኔው የገጠምኩት ይኸውና፦

ቡናው ፈልቷል ጎረቤት ተጠራ፣
አንቺ ብቻ ቀረሽ ብጣራ ብጣራ።

አሁን ሁለት ቃል ብቻ እንቀይር፦

ቡናው ፈልቷል ጎረቤት ተጠራ፣
እሷ ብቻ ቀረች ብጣራ ብጣራ።

ቤቱ አልተበላሸም፣ ምቱም ያው ነው። ግን ሁለተኛው ለጎረቤቶቹ የሚነገር ነው። ስኒ ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ይሰማሉ፣ አዎን ይላሉ፣ ያጽናናሉ። በመጀመሪያው ግን ጎረቤቶቹ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ተረስተዋል። ተናጋሪዋ ከእነሱ ፊቷን አዙራለች። በሰው መካከል ሆና ብቻዋን ናት። «ቀረሽ» የሚለው ቃልም ተጠርቶ ላልመጣ ሰው የምንለው ነው፤ ቅያሜ አለበት። ቀይረህ ምንም ካልጠፋ ደግሞ እንቶኔው ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ነበር።

የራሴን ስጽፍ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

በብዛት የማየው ስሕተት ለሟች የራሱን የሕይወት ታሪክ መንገር ነው። በቀብር ላይ የሚነበቡ ጽሑፎችን አስተውል። «አንተ ከአባትህና ከእናትህ በዚህ ዓመት ተወልደህ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ተምረህ፣ ይህን ያህል ዓመት አገልግለህ...»። ይህን ሟቹ ያውቃል። ለሚያውቀው ሰው የሚነገረው ለሚሰማው ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ «አንተ» የሚለው ቃል የውሸት ይሆናል። አንባቢው ለምን እንደሆነ ባይገባውም ይቀዘቅዝበታል።

ማስተካከያው ዳዊት ያደረገው ነው። ታሪኩን በ«እሱ» ተናገር። የምታወድሰውን በ«እሱ» አወድስ። ለእሱ ብቻ የሚነገር፣ ሌላው ሰው ቢሰማው የሚያፍርበት ነገር ሲመጣ ያኔ ዙር። አንድ ጊዜ። አንዲት ልጅ ለአባቷ ቀብር የጻፈችውን አሳይታኝ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ «አንተ» ነበር። ከልደት እስከ ጡረታ ያለውን ወደ «እሱ» መለሰችው። «አንተ» የቀረው መጨረሻ ላይ ነው፦ «ያን ቀን ስልኬን ያላነሳሁት ሥራ ላይ ሆኜ አልነበረም አባዬ»። ይህ ለሕዝብ የሚነገር አይደለም። ሕዝቡ ግን ያለቀሰው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ስሕተት ብዙ ነገር መጥራት ነው። በአንድ ግጥም ጨረቃ፣ ባሕር፣ እናት አገርና ሞት በየተራ ሲጠሩ ማንም አይመጣም።

«ሆይ» የግድ ነው?

አይደለም። «ሆይ» የመጽሐፍና የጸሎት ድምፅ አለው፤ ርቀትና ክብር ይሰጣል። ልቅሶ ላይ የሚሰማው ግን «እናቴ»፣ «ወንድምዬ»፣ «አንተዬ» ነው። ለወንድምህ የምትጽፈው ግጥም ላይ «ወንድሜ ሆይ» ካልክ ካባ አለበስከው። ካባ የሚገባው ከሆነ ጥሩ ነው።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ለሟች መጻፍስ እንቶኔ ነው?

አዎ፣ እዚያም ያው ልዩነት ይታያል። የሥራ ባልደረባ «ነፍሱን ይማር» ብሎ ይጽፋል። እኅቱ «ነፍስህን ይማርልኝ ወንድሜ» ትላለች። አንድ ፎቶ ሥር ያሉትን አስተያየቶች ብቻ አንብበህ ማን ምን ያህል ቅርብ እንደነበረ መለየት ትችላለህ። ውጭ አገር ሆነው መርዶ የሚደርሳቸው ሰዎች ደግሞ ከዚህ ሌላ አማራጭ የላቸውም። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ፎቶ ይቆማል፣ ሻማ ይበራል፣ ልቅሶው ሁሉ ለፎቶው ይነገራል።

ገበሬ በሬውን ሲያናግርስ?

ድንበር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። በሬው አለ፣ ይሰማል፣ «ና» ሲባል ይመጣል። ያ ትእዛዝ ነው እንጂ እንቶኔ አይደለም። ግን እርሻው መካከል ለበሬው ስለ ድህነቱ፣ ጥላው ስለሄደች ሴት ሲያንጎራጉርለት በሬው ሊገባው የማይችለውን እየነገረው ነው። ያኔ እንቶኔ ሆነ። በሬው የተመረጠውም ስለማይመልስ፣ ለጎረቤትም ስለማያወራ ነው።

አፖስትሮፍ ከምትባለው የእንግሊዝኛ ትንሽ ምልክት ጋር ምን አገናኘው?

ስሙ ብቻ። ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ሥርወ ቃል መጡ። ከዚያ ውጪ አይተዋወቁም።

ራስን ማናገርስ?

ይቻላል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። በመዝሙረ ዳዊት «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚል አለ። ነፍስ በአማርኛ «አንቺ» ሆናለች፤ ተናጋሪው ወንድ ሆኖ እንኳ። አንዱ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛዋ ታለቅሳለች፣ ሌላው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ምን ሆንሽ ይላታል። እሷ ግን አትመልስም። ጥያቄው በዚያው መዝሙር ውስጥ እንደገና ይጠየቃል፣ በሚቀጥለውም መዝሙር መጨረሻ ላይ እንደገና።